ልጆቹን ማክሰኞ ጠዋት ማን ይቀሰቅሳቸዋል? የልጆቼን አስተዳደግ በጎንደር ስከራከር ያየሁት

ከልጆቼ አባት ጋር የተለያየነው ሴት ልጄ 11 ዓመት፣ ወንድሟ ደግሞ 6 ዓመት ሲሆናቸው ነው። እኔ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እሱ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በሳምንት ሦስትና አራት ሌሊት መተማ መንገድ ላይ ያድራል። ፍቺው ራሱ ብዙ አላከራከረንም። ያከራከረን ልጆቹ ከማን ጋር ይኑሩ የሚለው ነው፤ ክርክሩም ከመጀመሪያው ማመልከቻ እስከ ፍርዱ ሰባት ወር ወስዷል። ይህን የምጽፈው በዚያ ሰባት ወር ውስጥ ዳኛዋ ምን እንደጠየቀች፣ ምን እንዳልጠየቀች፣ እኔም የቱ ላይ እንደተሳሳትኩ በዚሁ መንገድ ላይ ያለ ወላጅ እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ፍርድ ቤት ከመሄዳችን በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ሐሳባቸው ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም አሁን ሳስበው የሚያስፈራ ነው፤ ሴቷ ከእናቷ፣ ወንዱ ከአባቱ ጋር እንዲያድግ፣ ማንም ለማንም ቀለብ እንዳይጠይቅ የሚል ነበር። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ልስማማ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ጠበቃ ያማከርኩት በዚያ ሳምንት ነው። እሳቸውም «እህቴ፣ ይህን ስምምነት ጽፋችሁ ብታቀርቡት እንኳ ፍርድ ቤቱ ዝም ብሎ አያጸድቀውም። ባልና ሚስት በስምምነት ሲፋቱ ስለ ልጆቹ የተስማሙት ነገር የልጆቹን ጥቅም በበቂ ሁኔታ ካልጠበቀ፣ ፍቺውን ተቀብሎ የልጆቹን ጉዳይ ራሱ ይወስናል። ቀለቡም የልጁ መብት ስለሆነ አንቺ ልትተዪው የምትችዪው ገንዘብ አይደለም» አሉኝ። ወንድምና እህትን መነጣጠልም በቂ ምክንያት የሚጠይቅ ነገር መሆኑን የሰማሁት ከእሳቸው ነው።

በከተማችን ሰው ሁሉ የሚደግመው ሌላም ነገር አለ፤ «ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው የእናቱ ነው፣ ከዚያ በኋላ አባቱ ይወስደዋል» ይባላል። ይህ አባባል ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 681 ላይ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከእናታቸው ጋር እንዲሆኑ የሚል ድንጋጌ ነበር። ሆኖም ድንጋጌው እንደ አባባሉ ሁለተኛ ክፍል «ከዚያ በኋላ ለአባት ይሰጣል» አይልም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም የዕድሜ ድንበሩን አላስቀጠለውም። በእኛ ክልል የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 አለ፤ ፍርድ ቤቶችን ጨምሮ ማንኛውም አካል ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስድ የሕፃኑን ጥቅም በቀደምትነት እንዲያስብ ያዝዛል። ይህ አንቀጽ ለይስሙላ የተጻፈ ያልመሰለኝ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የሰጠውን ውሳኔ ጠበቃዬ ካስነበቡኝ በኋላ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ስታሳድግ ቆይታ፣ ርቆ የኖረው አባት አሳዳሪነቱ ይገባኛል ብሎ በሥር ፍርድ ቤቶች ረትቶ ነበር። ሰበር ችሎቱ ግን ይህንኑ የሕገ መንግሥት አንቀጽና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3ን ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረው፤ ልጁም ካሳደገችው አክስቱ አልተወሰደም። ወላጅ መሆን ብቻውን ክርክሩን እንደማይዘጋው ከዚያ ገባኝ። ያ ነገር ለእኔም እንደሚሠራ፣ እናት በመሆኔ ብቻ እንደማልረታ ለመቀበል ግን ጊዜ ወሰደብኝ።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ ረቂቅ በራሴ እጅ የጻፍኩት ነበር፤ ሰባት ገጽ ሆኖ ሦስቱ ስለ ባለቤቴ በደል፣ ስለ ስድቡና ስለ ሌላ ሴት ነበሩ። ጠበቃዬ ሦስቱን ገጾች አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ለብቻ አስቀመጡና «ከእነዚህ ውስጥ ልጆቹ ፊት የተፈጸመ፣ ወይም ልጆቹን የነካ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ አንቀጽ ብቻ ተገኘ፤ እሱም በልጄ ፊት በር ሰብሮ የገባበት ሌሊት ነው። እሱ ቀረ፣ ሌላው ወጣ። ያን ቀን በጣም ተከፍቼባቸው ነበር። በኋላ ግን ችሎት ውስጥ የባለቤቴ ጠበቃ ስለ እኔ ጠባይ ማንሳት ሲጀምር ዳኛዋ አቋርጣ «ይህ ከልጆቹ አያያዝ ጋር ያለውን ግንኙነት ያስረዱ» ስትለው የወጡት ገጾች ምን እንዳዳኑኝ ተረዳሁ። መደብደብ፣ መጠጥ ወይም ልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃት ካለ ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ያ በቀጥታ የልጁ ጉዳይ ስለሆነ ከነማስረጃው በዝርዝር መቅረብ አለበት።

ከማመልከቻው ጋር አንድ ነገር አብረን ጠየቅን፤ መዝገቡ እስኪወሰን ድረስ ልጆቹ የት እንደሚቆዩና ምን ያህል ቀለብ እንደሚከፈል የሚገልጽ ጊዜያዊ ትእዛዝ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያልፈዋል፤ እኔ ግን በሒደቱ ውስጥ ከነበሩት ትልልቅ ውሳኔዎች አንዱ ይመስለኛል። መዝገብ በቀጠሮ እየተጓተተ ወራት ሲያልፉ ልጆቹ ባሉበት ቤት፣ ሰፈርና ትምህርት ቤት ይለምዳሉ፤ ፍርድ ቤቱም በመጨረሻ ሲወስን የተረጋጋን ልጅ ያለ ምክንያት ማናወጥ አይፈልግም። በመሆኑም «ለጊዜው ነው» ተብሎ ልጆችን ዘመድ ቤት ትቶ መውጣት፣ በተለይ ለብዙ ወር ሲሆን፣ በኋላ ለማስረዳት የሚከብድ ነገር ነው። እኔም ቤቱን ለቅቄ ስወጣ ልጆቼን ይዤ ነበር የወጣሁት፤ ነገር ግን ለአባታቸው በዚያው ዕለት የት እንዳለን በስልክ መልእክት አሳውቄዋለሁ። መልእክቱ በኋላ ልጅ ደብቃለች ለሚለው ክስ መልስ ሆነኝ።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልግባ። በፍርዱ ላይ ችሎቱ የዘረዘራቸው ነጥቦች የሁለታችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹ ዕድሜና ጥቅም ናቸው። የፌዴራሉም ሕግ በአንቀጽ 113 የሚላቸው እነዚህኑ ነው። እንደዚህ ሲዘረዘሩ የነጥብ መስጫ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሕጉ ለአንዱ ይህን ያህል ለሌላው ያን ያህል ብሎ አልመደበላቸውም፤ ለዳኛው ሰፊ የመመዘን ሥልጣን ተሰጥቶታል። እኔ ያየሁት እያንዳንዱ ነጥብ ወደ አንድ ጥያቄ ሲመለስ ነው፤ የእነዚህ ልጆች ተራ ቀን በማን እጅ ያልፋል የሚለው።

ገቢ ላይ እሱ በብዙ ይበልጠኛል። ማራኪ አካባቢ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት አለን፤ ክርክሩ ሲካሄድ የሚኖርበት እሱ ነበር። እኔ አዘዞ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። የእሱ ጠበቃ የቤቱን ፎቶግራፎች አቅርቦ ልጆቹ የየራሳቸው መኝታ ክፍል እንዳላቸው ሲያስረዳ ልቤ ወረደ። ጠበቃዬ ግን አልደነገጡም። በተራቸው ያስረዱት፣ የገቢ ልዩነት በቀለብ ሊስተካከል የሚችል ነገር መሆኑን ነው፤ ልጆቹ ከእኔ ጋር ቢሆኑ አባታቸው እንደ አቅሙ ይከፍላል፣ ኑሯቸውም በዚያው ልክ ይሻሻላል፤ በሳምንት አራት ሌሊት መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ግን ያንን ጊዜ በገንዘብ ሊልክላቸው አይችልም። ዳኛዋ ይህን ስትመዘግብ ቆየችና ሁለታችንንም በየተራ ጠየቀችን። ጥያቄዎቿን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። «ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን ማን ይቀሰቅሳቸዋል? ምሳቸውን ማን ይቋጥራል? ትንሹ ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው ማን ይነሣል? የክፍል አስተማሪውስ ማን ይባላሉ?»

እሱ ቤት ሠራተኛ እንዳለች፣ እናቱም እንደምትመጣ ተናገረ፤ የአስተማሪውን ስም አላወቀውም። እኔ ሁሉንም መለስኩ። ነገር ግን ጥያቄው በዚያ አላበቃም፤ «ሴት ልጃችሁ በየትኛው ትምህርት ትቸገራለች?» ብላ ስትጠይቅ እኔ «በደህና ነው የምትማረው» አልኩ፤ እሱ ግን በሒሳብ እንደምትቸገር፣ መንገድ ላይም ሆኖ ማታ ማታ በስልክ የቤት ሥራዋን እንደሚያሠራት ተናገረ። እውነቱን ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ልጄ ሒሳብ የምትጠይቀው አባቷን እንደሆነ አላስተዋልኩም ነበር። ይህች ነገር በፍርዱ ላይ ራሷን ችላ ገብታለች፤ ልጅቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከአባቷ ጋር በስልክ እንድትገናኝ ተወስኗል። ፍርድ ቤቱ ከሁለታችን ጥሩውን ሲፈልግ እንደነበር ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

የእኔ ድክመት ትምህርት ቤቱ ነበር። የልጆቹ ትምህርት ቤት ማራኪ አካባቢ ነው፤ ከአዘዞ ጠዋትና ማታ የሚወስደው ታክሲና ባጃጅ ለስድስት ዓመት ልጅ ከባድ ነው፤ ክረምት ሲገባማ ይብሳል። ጠበቃዬ ማስረጃ ከመሰማቱ በፊት ይህን እንድዘጋው መከሩኝ። ከትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ የሚያስሄድ፣ ከቀድሞው በወር 1,500 ብር የሚበልጥ ቤት ተከራየሁና ውሉን አቀረብኩ። ደመወዜ ላይ ይህ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን «ትምህርት ቤት እቀይራለሁ» ከማለት ይልቅ «እኔ ወደ እነሱ ቀረብኩ» ማለት መቻሌ ብዙ ረድቶኛል።

ማስረጃን በተመለከተ፣ ሰዎች ጎረቤት ሰብስበው «ጥሩ እናት ናት» ማስባል ይቀናቸዋል። እኔም ሦስት ምስክር አቅርቤ ነበር፤ ዳኛዋ በመጀመሪያዋ ረካች። ከዚያ ይበልጥ የሠሩት ማንም ለክርክር ብሎ ያላዘጋጃቸው ወረቀቶች ናቸው። የልጁ የክትባት ካርድ፣ ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ የፈረምኩበት የትምህርት ቤቱ የወላጅ መገናኛ ደብተር፣ የጤና ጣቢያ የሕክምና ካርዶች። በደብተሩ ላይ የአባታቸው ፊርማ አራት ቦታ ነበር፤ ጠበቃዬ እነዚያን ገጾች ሳይደብቁ አብረው አያያዙ። ደብተሩ ሙሉውን ሆኖ ሲቀርብ የበለጠ ታመነ።

ከዚያም ፍርድ ቤቱ የልጆቹ ሁኔታ እንዲጠና የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፈ። የመጣችው ባለሙያ ቀን ሳታሳውቅ ነው ሁለቱም ቤት የገባችው። ልጆቹ የሚተኙበትን፣ የሚያጠኑበትን፣ ጫማቸው የተቀመጠበትን ጭምር አየች፤ ጎረቤት አነጋገረች፤ ትምህርት ቤት ሄደች። አራት ገጽ ሪፖርቷ ላይ እኔንም እሱንም የሚያሳፍር አንድ ነገር ነበር። ትንሹ ልጅ ከተለያየን ወዲህ ሌሊት በመኝታው ላይ መሽናት እንደጀመረ፣ ይህም ብዙ ጊዜ አባቱ ሊወስደው በሚመጣበት ቀን ዋዜማ እንደሚሆን፣ ምክንያቱም ስንረካከብ በር ላይ የምንጨቃጨቀው ሊሆን እንደሚችል ጽፋለች። እኔ ዋዜማውን ከጭቅጭቁ ጋር አያይዤው አላውቅም፤ አንሶላውን አጥቤ አሰጣ ነበር እንጂ። እንዲህ ያለ ምልክት በቤታችሁ ካለ፣ ሌላው ወላጅ መጥፎ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ ከማሰብ በፊት ርክክቡን መመርመር ይገባል።

ትልቁን ስሕተቴን ልናገር። ሴት ልጄ 11 ዓመቷ ስለሆነ ዳኛዋ ሐሳቧን ልትሰማ እንደምትችል ጠበቃዬ ነግረውኝ ነበር። ሕፃኑ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ሐሳቡ ሊደመጥ እንደሚገባ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ይደነግጋል። ጠበቃዬ «ምንም አትበያት፤ ‹ዳኛዋ ያነጋግሩሻል፣ የመሰለሽን ንገሪያቸው፣ የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም› ብቻ በያት» አሉኝ። እኔ ግን ሦስት ምሽት አጠገቤ አስቀምጬ ምን ማለት እንዳለባት ነገርኳት። ያን ጊዜ ማስጠናት አልመሰለኝም፤ እውነቱን እንዳትረሳ ማስታወስ መሰለኝ።

ዳኛዋ ልጄን በችሎት አዳራሹ ሳይሆን በቢሮዋ፣ ሁለታችንም በሌለንበት አነጋገረቻት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ከእኔም ከአባቷም ሳትጠጋ በኮሪደሩ መሀል ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ዳኛዋ ልጅቱ ያለችውን ዘርዝራ አልነገረችንም። ያለችን፣ ልጅቱ ስለ አባቷ «ኃላፊነት የጎደለው ነው» ስትል ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃት መመለስ እንዳልቻለችና እንዳለቀሰች ነው። ወደ እኔም ዞር ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እንደዚህ ያለ ሸክም ልጅ ላይ አይጫንም፤ እናት ነዎት፣ ይረዱኛል ብዬ ነው» አለችኝ። በፍርዱ ላይ የልጅቱ አስተያየት በከፊል የራሷ እንዳልሆነ ችሎቱ መገንዘቡ ተጽፎ፣ ለአስተያየቷ ሊሰጥ የሚገባው ክብደት ተቀነሰ። ባላስጠናት ኖሮ ልጄ በራሷ ቃል የምትለው ነበራት፤ ያንን ከእሷ ነጠቅኳት። ልጅ ሲጠና ቃሉ ከዕድሜው በላይ ይሆናል፣ ምሳሌ ሲጠየቅም የለውም፤ ልምድ ያለው ዳኛ ይህን ወዲያው ያያል።

ፍርዱ ልጆቹ ሁለቱም ከእኔ ጋር እንዲሆኑ፣ አባታቸው በወር 4,000 ብር ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያውን ግማሽ እንዲከፍል፣ «በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን እንዲያገኝ፣ በዓላትንም እየተፈራረቁ እንዲያሳልፉ» የሚል ነበር። ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለ፤ እሱ አላለም። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ያላለቀው በዚያች የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ነው። ቅዳሜ ስንት ሰዓት? የት? በዓል ስንል የትኛው፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ? ፍርዱ አይልም፤ እኛም ሲነበብ አልጠየቅንም።

መጀመሪያ የገጠመን ግን የቀለብ ችግር ነው። ሰሊጥ ሳይሸጥለት ሲቀር የሁለት ወር ቀለብ አሳደረ። እኔም ለአምስት ሳምንት ልጆቹን ከለከልኩት። ፍትሐዊ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ለጠበቃዬ በስልክ ስነግራቸው ዝም አሉና «አሁኑኑ አቁሚ» አሉኝ። ቀለቡና መገናኘቱ የተለያዩ መብቶች ናቸው፤ አንዱ ባይፈጸም ሌላው አይቆምም። አባት ሳይከፍል ሲቀር የሚደረገው በዚያው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት ነው። መገናኘቱ ደግሞ የአባትየው ብቻ ሳይሆን የልጆቹም መብት ነው። እንዲያውም ፍርዱ የቆመበት ሁኔታ ሲለወጥ ከሁለት አንዳችን እንደገና እንዲታይ ማመልከት እንደምንችል፣ ልጆችን ከአባታቸው የምትከለክል እናት መሆኔ ቢረጋገጥ ለእሱ ጥሩ ምክንያት እንደምሆንለት አስረዱኝ። ልጆቹን በማግስቱ ላክኋቸው፤ የአፈጻጸም ማመልከቻውንም አስገባሁ። ተጠርቶ ቀረበ፣ ውዝፉንም በሦስት ጊዜ ከፈለ።

ከዚያ ጥምቀት መጣ። ጎንደር ላይ ለኖረ ሰው ጥምቀት ከሌላ በዓል ጋር የሚፈራረቅ አንድ ቀን አይደለም፤ ጥር 10 ከተራ ነው፣ ጥር 11 ጥምቀቱ፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ። ልጅ ሆኖ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ማየትን የሚተው የለም። እኔ ገናን ከእሱ ጋር ስላሳለፉ ጥምቀት የእኔ ነው ብዬ አስቤያለሁ። እሱ ደግሞ ፋሲካን ከእኔ ጋር ስለነበሩ ጥምቀት የእሱ ነው ብሏል። በከተራ ዕለት 7 ሰዓት ላይ ለሁለቱም ነጭ ልብስ ገዝቶ በር ላይ ቆመ፤ እኔም አልብሻቸው ነበር። ድምፃችን ከፍ ሲል ትንሹ ልጅ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ አባቱ የገዛለትን ጥልፍ ሸሚዝ እኔ ካለበስኩት ሸሚዝ ላይ ደርቦ ለብሶ ነበር፤ ክንዱ ጠቦት ሊያጥፈው አልቻለም። እኔና አባቱ ተያየን። ያን ቀን እኛ ስንጨቃጨቅ እሱ የሁለታችንንም ቅሬታ በገላው ላይ አስተካክሎት ቆመ።

በየካቲት እንደገና ማመልከቻ አቀረብን፤ በዚህ ጊዜ በጋራ። የእሱ አጎትና ጠበቃዬ ተቀምጠው ረቂቁን ከእኛ ጋር ሠሩ። ርክክቡ በር ላይ መሆኑ ቀረ፤ በየሁለት ሳምንቱ አርብ 9 ሰዓት ተኩል ልጆቹን ከትምህርት ቤት በር ላይ እሱ ይወስዳል፣ እሁድ 11 ሰዓት ላይ እናቱ ቤት ሄጄ እቀበላቸዋለሁ። አማቴን እስከ ዛሬ እማማ ነው የምላቸው፣ ቤታቸውም ለሁለታችን ክፉ ቃል የማይነገርበት ቤት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልመጣ ያ ሳምንት ያልፋል፤ መንገድ ተዘግቶ መመለስ ካልቻለ ግን በስልክ አሳውቆ በሚቀጥለው ሳምንት ይተካል። ከተራና ጥምቀት በአንድ ዓመት ከእሱ፣ ቃና ዘገሊላ ከእኔ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይገለበጣል፤ ገናና ፋሲካም እንዲሁ ዓመተ ምሕረታቸው ተጠቅሶ ተጻፈ። የክረምቱ ዕረፍት ለሁለት ተከፈለ። ከከተማ ውጭ ልጆቹን የሚወስድ ወላጅ ከሦስት ቀን በፊት የሚያድሩበትን ቦታ ለሌላው ይነግራል።

ዳኛዋ ረቂቁን በሙሉ አንብባ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሰረዘች። እኔ ያስገባኋት ነበረች፤ «ልጆቹ ካልፈለጉ አይገደዱም» የምትል። ምክንያቷን በቃል ነገረችን። እንደዚህ ከተጻፈ ልጆቹ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ከእናትና ከአባት አንዱን መምረጥ ይኖርባቸዋል፤ አለመሄድ የፈለጉበት ከባድ ምክንያት ካለ ፍርድ ቤት ይቀርባል እንጂ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ በር ላይ ሆኖ አይወስንም። የቀረውን አጽድቃ ከፍርዱ ጋር አያያዘችው። አርብ ለርክክብ ትምህርት ቤት እኔ ስለማልገኝ ከዚያ ወዲህ በር ላይ አልተነጋገርንም፤ ከሁለት ወር በኋላም የትንሹ አንሶላ ሌሊት ሳይረጥብ ማደር ጀመረ።

ጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ቢያንስ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት ሄዶ መጠየቅ ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ግን የክትባት ካርዱን፣ የልደት የምስክር ወረቀቱን፣ የትምህርት ቤቱን ደብተር አንድ ፌስታል ውስጥ ሰብስቦ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሲለያዩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ወረቀት ነው።

ልጄ አሁን 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር እራት ስንበላ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ሳምንቱን አባቷ ቤት መክረም እንደምትፈልግ ነገረችን፤ የራሷ ክፍል ስላላት፣ እሱም አሁን መተማ መሄዱን ለወንድሙ ስለተወ፣ ማታ ሒሳብ አብረው መሥራት እንደሚችሉ አስረዳች። ወንድሟ ከእኔ ጋር ይቆያል፣ ቅዳሜና እሁድ ሁለቱም አንድ ቤት ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ ምን ማለት እንዳለባት አልነገርኳትም። ማመልከቻውን ከአባቷ ጋር ፈርመን አስገብተናል፤ ቀጠሮው ሚያዝያ 6 ነው፤ ዳኛው መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ እንደሚያነጋግራት ከሬጅስትራር ተነግሮናል።